ረጅም የቁጥር አሬይ በሲና በጃቫ፦ መስመሩን የት እንቁረጠው?

በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ የተደረደሩ ቁጥሮች መስመራቸው የት ላይ እንደተቆረጠ ለሲም ሆነ ለጃቫ ኮምፓይለር ግድ አይሰጠውም። ከኮማ በኋላ አዲስ መስመር ጀመርንም፣ ሦስት መቶ ቁጥር በአንድ መስመር አጨቅንም፣ የሚወጣው ፕሮግራም ያው ነው። ግድ የሚሰጠው ነገ ያንን ሠንጠረዥ ከፍቶ አንድ ዋጋ ለማረም ወይም የጠፋ ቁጥር ለመፈለግ ለሚቀመጥ ሰው ነው። አንዳንዱ አደራደር ስህተቱን ፊት ለፊት ያወጣዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ አልብሶ ይደብቀዋል።

ንጽጽሩን በአንድ ሠንጠረዥ ላይ እንሥራው። በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ቃል የሚፈልግ ፕሮግራም «ሠላም»ን እና «ሰላም»ን እንደ አንድ ቃል ማየት አለበት። ስለዚህ ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ። በዩኒኮድ ዋናው የኢትዮፒክ ክፍል ከ `0x1200` እስከ `0x137F` ድረስ 384 ቦታ አለው። ለእያንዳንዱ ቦታ «አንተ ወደዚህ ተመለስ» የሚል አንድ ቁጥር ብናስቀምጥ፣ መልሱ `norm[c - 0x1200]` ብሎ ማንበብ ብቻ ይሆናል። ክፍሉ በስምንት በስምንት የተከፈለ ነው፤ ሀ ከ `0x1200`፣ ለ ከ `0x1208`፣ ሐ ከ `0x1210` ይጀምራሉ። ይህ ስምንት ቁጥር ወደኋላ ብዙ ይጠቅመናል።

## በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያውና ከሁሉም የሚበልጠው መመዘኛ አንድ ቁጥር ቢጎድል ወይም ቢደገም በዓይን ይታያል ወይ የሚለው ነው። ምክንያቱ ቋንቋዎቹ ራሳቸው አያግዙንም። በሲ `norm[384]` ብለን መጠኑን ጽፈን 383 ቁጥር ብቻ ብንሰጥ፣ ኮምፓይለሩ የጎደለውን በዜሮ ሞልቶ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ያልፋል። ቢበዛ ግን `gcc` ያስጠነቅቃል። በጃቫ ደግሞ ዝርዝሩን እየሰጡ መጠኑን መጻፍ ጭራሽ አይፈቀድም፤ አሬዩ የተሰጠውን ያህል ርዝመት ይዞ ይወለዳል።

ሁለተኛው፣ የአንድን ዋጋ ቦታ ሳይቆጥሩ ማግኘት ይቻላል ወይ ነው። የ«ሠ» ዋጋ የትኛው ነው ሲባል ጣት እያሳረፉ 33 ቁጥር መቁጠር የለብንም።

ሦስተኛው ዲፉ ነው። አንድ ዋጋ ስናርም በጊት ላይ የሚታየው ለውጥ አንድ መስመር ብቻ ነው ወይስ ግማሽ ፋይል? አራተኛው ደግሞ ፎርማተር ነው፤ ባልደረባችን ፋይሉን ሲያስቀምጥ ኤዲተሩ ድካማችንን ያፈርሰዋል ወይስ ይተወዋል? ቁመት፣ ማለትም ሠንጠረዡ ስንት ስክሪን ይፈጃል የሚለውም አለ፤ ግን ከአራቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነገር ነው።

## አንድ ረጅም መስመር

384 ቁጥሮች እያንዳንዳቸው ከኮማና ከባዶ ቦታ ጋር ስምንት ቁምፊ ይይዛሉ፤ መስመሩ ከ3 ሺህ ቁምፊ ይበልጣል ማለት ነው። ኮምፓይለሩ ይቀበለዋል። ሰው ግን አያነበውም፣ አንድ ቁጥር ቢቀየር ዲፉ መላውን መስመር አጥፍቶ መላውን መስመር እንደ አዲስ ያሳያል፣ ሁለት ሰዎች የተለያዩ ቁጥሮች ቢያርሙም ኮሚታቸው ይጋጫል። ስምንት አሥር ቁጥር ላለው ዝርዝር ይህ የተሻለው ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ሌላ ፕሮግራም ጽፎት ሌላ ፕሮግራም ለሚያነበው ፋይል ብቻ ይሁን።

## በየመስመሩ አንድ ቁጥር

ዲፍን በተመለከተ ከዚህ የሚበልጥ የለም። አንድ ዋጋ ተቀየረ ማለት አንድ መስመር ተቀየረ ማለት ነው፣ ከጎኑም «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ» የሚል ማብራሪያ ለመጻፍ ሰፊ ቦታ አለ። ሲም ጃቫም ከመጨረሻው ቁጥር በኋላ ኮማ ስለሚፈቅዱ፣ በመጨረሻው ላይ መጨመርም የቀድሞውን መስመር አይነካም።

ችግሩ የጎደለ ቁጥር በዚህ አደራደር አለመታየቱ ነው። 383 መስመርና 384 መስመር ለዓይን ልዩነት የላቸውም። ቤተሰቦቹም ይበታተናሉ፤ ሀ እና ሆ የአንድ ረድፍ ልጆች መሆናቸውን ቅርጹ አይናገርም። በ40 መስመር ስክሪን ላይ ወደ አሥር ስክሪን ማንሸራተት አለ። እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ታሪክ ላለው ዝርዝር፣ ለምሳሌ በየጊዜው ለሚስተካከሉ የክፍያ እርከኖች ወይም የጊዜ ገደቦች፣ እኔ ይህንን እመርጣለሁ። ለፊደል ሠንጠረዣችን ግን አይሆንም።

## ዳር እስኪደርስ መሙላት

ይህ ብዙ ሰው ሳያስብበት የሚወስደው ነው። ቁጥሮቹን ይለጥፋል፣ ከዚያ በቪም `gq` ይላል፣ ወይም `fold -s -w 78` ያስኬዳል፣ ወይም ኤዲተሩ «ሲረዝም ጠቅልል» በሚለው ቅንብር ራሱ ይሠራዋል። መስመሩ እስከ ዳር ይሞላና የተረፈው ወደ ቀጣዩ ይወርዳል። (`fold` ላይ `-s` ከተረሳ ቁጥሩን መሐል ለመሐል ይቆርጠዋል፤ `0x12` በአንድ መስመር `3A,` በሌላ መስመር ይሆናል። ይህን ኮምፓይለሩ ስለማያሳልፈው አያሳስብም።)

በአራት ቁምፊ ገብ ብሎ በ80 ዓምድ ሲሞላ በአንድ መስመር ዘጠኝ ቁጥር ይገባል። ቤተሰቦቻችን ግን ስምንት ስምንት ናቸው። ስለዚህ ለ በመጀመሪያው መስመር መጨረሻ ላይ ብቻዋን ትቀራለች፣ ሉ ወደ ሁለተኛው ትወርዳለች፣ ሐ ከዚያም ወዲያ ትገፋለች። የአንድን ፊደል ቦታ ለማግኘት በዘጠኝ ማካፈል ልንጀምር ነው።

የከፋው ጉድለት ሲፈጠር ያለው ነው። አንድ ቁጥር ቢወድቅና ዝርዝሩ እንደገና ቢሞላ፣ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ አንድ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይሳባል፤ የመጨረሻው መስመር ብቻ ትንሽ ያጥራል። ክፍተቱ የት እንደነበረ ምልክት አይቀርም። ዲፉም ከዚያ ቦታ ጀምሮ ያሉትን መስመሮች በሙሉ «ተቀየሩ» ስለሚል፣ ገምጋሚው ከአርባ መስመር ውስጥ የትኛው እውነተኛ ለውጥ እንደሆነ አይለይም። `git diff -w` ባዶ ቦታን ቢተውም ቁጥሮች ከመስመር ወደ መስመር ሲሻገሩ አያድንም፤ `--word-diff` ይሻላል።

መሙላት የሚስማማው የቁጥሩ ቦታ ምንም ትርጉም ለሌለው ዝርዝር ነው። የደርዳሪ ስልተ ቀመርን ለመፈተን የተሰበሰቡ መቶ ቁጥሮች ከሆኑ ማን ከማን አጠገብ ተቀመጠ ማንም አይጠይቅም።

## ቋሚ ዓምድ

እዚህ በመስመር ስንት ቁጥር እንደሚቀመጥ የሚወስነው የስክሪኑ ስፋት ሳይሆን የመረጃው ቅርጽ ነው። ለእኛ ስምንት ነው፦

```c
static const uint16_t norm[] = {
    0x1200, 0x1201, 0x1202, 0x1203, 0x1204, 0x1205, 0x1206, 0x1207, // ሀ
    0x1208, 0x1209, 0x120A, 0x120B, 0x120C, 0x120D, 0x120E, 0x120F, // ለ
    0x1200, 0x1201, 0x1202, 0x1203, 0x1204, 0x1205, 0x1206, 0x1217, // ሐ
    /* ... */
};
```

ሦስተኛው ረድፍ ራሱ ይናገራል፦ ሐ ወደ ሀ ተመልሷል፣ ስምንተኛው ቦታ ላይ ያለችው ሗ ግን በሀ ረድፍ ትክክለኛ አቻ ስለሌላት ባለችበት ቀርታለች። ይህን ውሳኔ ገምጋሚ በአንድ እይታ ያየዋል። እንደ `0x1249` ያሉ ፊደል ያልተመደበባቸው ቦታዎችም ቢሆኑ የራሳቸውን ቁጥር ይዘው ይጻፉ፤ ከተዘለሉ ስምንትነቱ ይፈርሳል።

ፊደሉን በማብራሪያ ያስቀመጥኩት በረድፉ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ ላይ አይደለም። ብዙ የኤዲተር ፎንቶች የግዕዝ ፊደልን ከላቲኑ እኩል ስፋት አይሰጡትም፤ መጀመሪያ ላይ ቢሆን ዓምዶቹ ይዛነፋሉ። በጃቫ `'ሀ', 'ሁ'` እያሉ `char[]` መሙላት የሚቻለውም ቢሆን በዚሁ ምክንያት ዓምድ አይጠብቅም።

ሌላው የ`//` ጥቅም ከፎርማተር መከላከሉ ነው። ከ`//` በኋላ እስከ መስመሩ ጫፍ ያለው ሁሉ ማብራሪያ ስለሆነ፣ ማንኛውም ፎርማተር የሚቀጥለውን ቁጥር ወደዚያው መስመር ሊስበው አይችልም። በ`/* */` ቢሆን ግን ሊስበው ይችላል። ፎርማተሩ ረድፉን ከመሐል እንዳይከፍለውም ከፈለግን በሲ ከሠንጠረዡ በፊትና በኋላ `// clang-format off` እና `// clang-format on`፣ በጃቫ ኤዲተሮች ደግሞ `// @formatter:off` እና `// @formatter:on` ይጻፋል። በኤክሊፕስ ይህ ምልክት እንዲሠራ ቅንብሩ መከፈቱን ማየት ያስፈልጋል።

ስምንት የሁሉም መልስ አይደለም። የግዕዝ አኃዞችን እንውሰድ፤ ከ `0x1369` እስከ `0x137C` ሃያ ምልክቶች ናቸው፦

```java
static final int[] GEEZ = {
     1,  2,  3,  4,  5,  6,  7,  8,  9,
    10, 20, 30, 40, 50, 60, 70, 80, 90,
    100, 10000,
};
```

ዘጠኝ አሃዶች፣ ዘጠኝ አሥሮች፣ ከዚያ ፻ እና ፼። ረድፎቹ እኩል አለመሆናቸው ትክክል ነው፣ አኃዞቹ ራሳቸው እንዲህ ናቸውና። ዓምዱን ለማስተካከል ግን ከፊት ዜሮ መጨመር የለበትም። በሁለቱም ቋንቋ በዜሮ የሚጀምር ቁጥር ኦክታል ነው፤ `010` ስምንት፣ `020` ደግሞ አሥራ ስድስት ይሆናል። `08` እና `080` ኦክታል ሊሆኑ ስለማይችሉ ኮምፓይለሩ ይቃወማል፣ ከ`010` እስከ `070` ያሉት ግን ዝም ብለው ያልፋሉ። ማስተካከያው ባዶ ቦታ ነው። በሄክስ ግን `0x0041` ብሎ መሙላት ምንም ችግር የለውም።

አሉታዊ ቁጥር ያለበት ዝርዝር ሌላ ወጥመድ አለው። ኮማ ከተረሳ `5, 3` ውስጥ ኮምፓይለሩ ይይዘዋል፤ `5, -3` ውስጥ ከሆነ ግን `5 -3` ትክክለኛ ስሌት ስለሆነ ሁለት ቁጥሮች አንድ ሆነው `2` ይሆናሉ። ዓምድ ውስጥ ይህ የሚጋለጠው ረድፉ በኮማ ስለሚያልቅና ኮማዎቹ አንዱ ከሌላው በታች ስለሚሰለፉ ነው።

## አንድ ቁጥር ቢወድቅ

ከረ ረድፍ `0x122D`፣ ማለትም ር፣ ወደቀ እንበል። `norm[384]` ተብሎ ከተጻፈ ሲ ያሳልፈዋል። ከር ጀምሮ እያንዳንዱ ፊደል የጎረቤቱን ዋጋ ይይዛል፤ ቀ ወደ ቁ ይመለሳል። የመጨረሻው ቦታ `0x137F` ዜሮ ይሆናል፤ እሱ ላይ ግን ፊደል ስላልተመደበ በጽሑፍ ውስጥ አይመጣም። በጃቫም ርዝመቱ 383 ቢሆን ከወሰን ውጪ የሚል ስህተት የሚነሳው እዚያው ቦታ ላይ ብቻ ስለሆነ አይነሳም።

ፕሮግራሙ ደግሞ የሚሠራ ይመስላል። «ቀን» ብለን ስንፈልግ «ቀን» ይገኛል፤ የምንፈልገው ቃልም ጽሑፉም እኩል ተዛብተዋልና። የሚጠፋው ከክፍተቱ በላይና በታች ያሉ ጥንዶች ናቸው። ሠ ከክፍተቱ በላይ ስለሆነ በትክክል ወደ ሰ ይመለሳል፣ ሰ ራሷ ግን ከታች ስለሆነች ወደ ሱ ተገፍታለች፤ ስለዚህ «ሠላም» እና «ሰላም» አይገናኙም። «ኃይል» እና «ሃይል»ም እንዲሁ። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ግን ይገናኛሉ፣ ሁለቱም ጸ ከታች እኩል ስለተገፉ። ይህን ምልክት ያየ ሰው ስህተቱን መጀመሪያ የሚፈልገው በፍለጋው ኮድ ውስጥ ነው እንጂ በሠንጠረዡ ውስጥ አይደለም።

በቋሚ ዓምድ ቢሆን የረ ረድፍ ስምንት ቁምፊ አጥሮ፣ `// ረ` ከሌሎቹ ማብራሪያዎች ወደ ግራ ገብቶ ይታያል። በሌሎቹ ሦስት አደራደሮች ምንም አይታይም።

ዓይን ግን ይደክማልና ቆጠራውን ለኮምፓይለሩ መስጠት ይሻላል። በሲ መጠኑን በቅንፉ ውስጥ አንጽፍም፣ በምትኩ ከሠንጠረዡ በታች ይህን እናስቀምጣለን፦

```c
_Static_assert(sizeof norm / sizeof norm[0] == 384, "norm");
```

በጃቫ ያን ያህል ቀድሞ የሚይዝ መንገድ የለም፤ ክላሱ ሲጫን `NORM.length` 384 መሆኑን የሚያይ `static` ብሎክ ከሠንጠረዡ በታች ይጻፋል፣ ወይም በፈተና ኮድ ውስጥ ይገባል።

ሲ ብቻ ያለው ሌላ መከላከያ የረድፉን ቦታ በቁጥር መጥራት ነው፦ `[0x020] = 0x1230, 0x1231, ...`። እያንዳንዱ ረድፍ እንዲህ ከጀመረ ጉድለቱ ከራሱ ረድፍ አይወጣም። ዋጋ አለው፤ በሁለት ቁምፊ ገብ ካልን መስመሩ ከማብራሪያው ጋር ልክ 80 ይሞላል፣ ከላይ ያለው ቆጠራም የመሐል ጉድለትን መያዝ ያቆማል። የረ ረድፍ አንድ ቢያጥር ስምንተኛዋ ሯ ዜሮ ትሆናለች እንጂ ጠቅላላው 384 ይቀራል። ስለዚህ ይህን የመረጠ ሰው «ዜሮ የሆነ ዋጋ አለ ወይ» የሚል አጭር ፈተና አብሮ ይጻፍ። በአንድ ረድፍ ዘጠኝ ቁጥር ከገባ ደግሞ `gcc -Wextra` አንዱ ሌላውን እንደሸፈነው ይናገራል።

## ጭራሽ በእጅ አለመጻፍ

ከ384ቱ ቁጥሮች አብዛኞቹ ወደ ራሳቸው ይመለሳሉ። ሠንጠረዡን ፕሮግራሙ ሲነሳ በአንድ ዙር ሞልቶ አምስቱን ረድፎች ብቻ መቀየር ይቻላል፤ በጃቫ ሰርቨር ላይ እኔ የማደርገው ይህንን ነው። ሠንጠረዡ ተጽፎ እንዲገኝ የሚያስገድደው ራም የሚቆጠርበት ትንሽ መሣሪያ ነው፤ እዚያ `const` የሆነ አሬይ አብዛኛውን ጊዜ ፍላሽ ላይ ተቀምጦ 768 ባይት ብቻ ይይዛል።

ቁጥሮቹ በቀመር የማይገኙ ከሆኑ በየመስመሩ አንድ ሆነው በጽሑፍ ፋይል ይቀመጡ፤ ያ ፋይል ለዲፍ የተመቸ ነው፣ ብዛቱንም `wc -l` ይናገራል። ረድፎቹን ማሽን ይሥራ፦

```sh
paste -d, - - - - - - - - < norm.txt | sed 's/$/,/' > norm.inc
```

ብዛቱ ለስምንት ካልተካፈለ በመጨረሻው መስመር ላይ ተደራራቢ ኮማ ይቀርና ኮምፓይለሩ ይቆማል፤ በነጻ የመጣ ፍተሻ ነው። በሲ `norm.inc` በጥምዝ ቅንፉ ውስጥ በ`#include` ይገባል። ጥሬ ባይት ከሆነ `xxd -i` በየመስመሩ 12 እያደረገ የሲ አሬይ ያወጣል፣ በሲ 23 ደግሞ `#embed` ፋይሉን በቀጥታ ያስገባል። ጃቫ `#include`ም `#embed`ም የሉትም።

## በአንድ ላይ ሲታዩ

| አደራደር | ጉድለት ይታያል? | ቦታ ማግኘት | ዲፍ | ፎርማተር | የሚጠይቀው ድካም |
|---|---|---|---|---|---|
| አንድ ረጅም መስመር | አይታይም | በመቁጠር | መላው መስመር | ይቆራርጠዋል | የለም |
| በየመስመሩ አንድ | አይታይም | በመስመር ቁጥር | በጣም ጥሩ | አብዛኛውን ጊዜ ይጠቀልለዋል | ትንሽ |
| ዳር እስኪደርስ | ይደበቃል | በማካፈል | ከስህተቱ በታች ሁሉ | የራሱ ሥራ ነው | የለም |
| ቋሚ ዓምድ | ይታያል | ወዲያው | አንድ ረድፍ | በ`//` ይጠበቃል | መካከለኛ |
| ከፋይል ማመንጨት | ማሽን ይቆጥራል | በፋይሉ | በጣም ጥሩ | አይመለከተውም | ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ |

## ለማን የትኛው?

ዝርዝሩ አሥር ቁጥር የማይሞላ ከሆነ በአንድ መስመር ጽፎ ማለፍ ነው፤ ስለ ዓምድ መጨነቅ ጊዜ ማባከን ይሆናል። ቦታው ትርጉም የሌለው የፈተና መረጃ ከሆነ ኤዲተሩ ይሙላው። በየወሩ አንዱ ቁጥር የሚለወጥና ለእያንዳንዱ ለውጥ ምክንያት የሚጻፍበት ከሆነ በየመስመሩ አንድ።

ኢንዴክሱ ትርጉም ያለው ሠንጠረዥ፣ ማለትም የፊደል፣ የፎንት፣ የሲአርሲ ወይም የሳይን ሠንጠረዥ ከሆነ ቋሚ ዓምድ ከቆጠራ ጋር። 256 ዋጋ ላለው የሲአርሲ 32 ሠንጠረዥ ስምንት ጥሩ ነው፤ ረድፉ የሚጀምርበት ኢንዴክስ በሄክስ ሁልጊዜ በ0 ወይም በ8 ያልቃል። ዜድሊብ በራሱ ፕሮግራም የሚያመነጨው ፋይል በመስመር አምስት ነው የሚያስቀምጠው፤ ማንም በእጅ ስለማያርመው አይጎዳም። እነዚህን በጃቫ `int` ስንጽፍ በሄክስ መቆየት አለብን። `0xEE0E612C` ይገባል፣ አሉታዊ ሆኖ ይቀመጣል፤ ያው ዋጋ በአሥርዮሽ `3993919788` ተብሎ ሲጻፍ ግን ቁጥሩ ለ`int` በዛ ተብሎ ይመለሳል።

ሠንጠረዡ በሺዎች የሚቆጠር ከሆነና ቋንቋው ጃቫ ከሆነ ደግሞ አደራደሩ ከናካቴው ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። ጃቫ የአሬይ ዝርዝርን እንደ መረጃ አያስቀምጠውም፤ እያንዳንዱን ቁጥር በቦታው የሚያስገባ ኮድ አድርጎ በክላሱ መነሻ ሜተድ ውስጥ ይጽፈዋል። አንድ ቁጥር ወደ ስምንት ባይት የሚጠጋ ኮድ ይፈጃል፣ አንድ ሜተድ ደግሞ ከ65,535 ባይት ማለፍ አይችልም። ስለዚህ ወደ ስምንት ሺህ ቁጥር አካባቢ `code too large` የሚለው መልእክት ይመጣል። መስመሩን እንደፈለግን ብንቆርጠው አይቀየርም። መፍትሔው ቁጥሮቹን በባይት ፋይል አድርጎ ከጃሩ ጋር ማሸግና በ`getResourceAsStream` ማንበብ ነው፤ በሲ ግን ያው ሠንጠረዥ በቀጥታ የመረጃ ክፍል ውስጥ ስለሚገባ ይህ ገደብ የለበትም።